ቅዳሜ አልጋ እናጣለን፣ ሰኞ እንግዳ እናጣለን፤ የ24 ክፍል ሆቴል ዋጋ እንዴት ይወሰን?

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ አባቴ የሠራውን ባለ 24 ክፍል ሆቴል ከተረከብሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዋጋችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፤ 2,200 ብር፣ ቫትና የአገልግሎት ክፍያ ተካቶበት።

ባለፈው ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ እሑድ ዋለ። አንድ የጉዞ ማኅበር ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በስልክ 14 ክፍል አስያዘኝ። «ብዙ ነን፣ ቀንሽልን» ሲሉኝ በ1,800 ሰጠኋቸው። ቀብድ አልጠየቅሁም። ሐሙስ ዕለት የቀሩት ክፍሎች አለቁ። ዓርብና ቅዳሜ ስልኩ እስኪግል ድረስ ሰው «አልጋ አለ?» እያለ ሲደውል ዋለ፤ 3,000 ብር እከፍላለሁ ያለም ነበረ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ «አምስቱን ክፍል አንፈልግም» አለኝ። ሁለቱን እንደምንም ሸጥሁ፣ ሦስቱ ባዶ አደሩ። በማግስቱ እሑድ ማታ ስድስት ክፍል ብቻ ነበረኝ፤ ሰኞ ሰባት።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ዋጋውን በወቅት፣ በሳምንቱ ቀንና እንግዳው ቀድሞ በሚይዝበት ጊዜ መለዋወጥ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? አባቴ «ዋጋ የሚለዋወጥበት ቤት ስሙ ይጠፋል» ይላል።

ቁም ነገር

ይህ ቀላል ነው። ዓርብና ቅዳሜ 30 በመቶ ጨምሪ፣ ከእሑድ እስከ ረቡዕ 30 በመቶ ቀንሺ። ከአንድ ወር በፊት ለሚይዝ ሌላ 20 በመቶ ቅናሽ ስጪ። በመጨረሻው ቀን የተረፈውን ክፍል ደግሞ በተገኘው ዋጋ ሽጪው፤ ባዶ ካደረ አልጋ 500 ብር ይሻላል። የአውሮፕላን ትኬትም የሚሸጠው እንደዚሁ ነው።

ኮምፒውተር ወዳድ

የክፍል ማስያዣ ሶፍትዌር ከፈለግሽ እኔ ዘንድ አለ። ከሬስቶራንቱ ሒሳብ ጋር ይገናኛል፣ የልብስ ንጽሕናንም ይመዘግባል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ፤ የጠየቅሁት ግን ስለ ሶፍትዌር አይደለም። ሶፍትዌሩም ቢሆን ስንት ልበል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ቁም ነገር፣ ሰኞን 30 በመቶ ብቀንስ ማን ነው የሚመጣልኝ? ሰኞ ሐዋሳ የሚያድረው ለሥራ የመጣ ሰው ነው። በ2,200ም ይመጣል፣ በ1,500ም ይመጣል፤ ሥራ ከሌለው በነጻም አይመጣም።

የድሮ ሪዘርቬሽን

እኅቴ፣ ለቁም ነገር የሰጠሽው መልስ የነገሩ ግማሽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በትልልቅ ሆቴሎች ክፍል ስሸጥ 19 ዓመት ኖሬያለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ብዙ ሰው ዋጋ ስለ መጨመርና ስለ መቀነስ ይጨነቃል። የአንቺ ቤት ገንዘብ ያጣው ግን በ2,200 ምክንያት አይደለም፤ 14 ክፍል ለማን፣ መቼ፣ በምን ውል እንደ ተሰጠ ነው ጉዳዩ። ለገብርኤል ዋዜማ የሚሆን ክፍል ሦስት ሳምንት ቀድሞ በቅናሽ የሚለቀቀው ስንቱ ነው? መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህ ነው።

ለዚህም አንድ መዝገብ ያስፈልግሻል። የእንግዳ መዝገብሽን ክፈቺና እይው፤ እንግዳው ያደረበት ቀን አለ፣ ክፍሉን የያዘበት ቀን ግን የለም ብዬ እገምታለሁ። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ካልጻፍሽ ስለ ቀድሞ መያዝ ማወቅ የምትችይው ነገር የለም። የስልክ ጥሪሽንና የቴሌብር መልእክቶችሽን አገላብጠሽ ያለፉትን ዐሥር ቅዳሜዎች መልሰሽ አውጪ። ለእያንዳንዱ ቅዳሜ፦ ማክሰኞ ማታ ስንት ክፍል ተይዞ ነበር? ሐሙስ ማታስ? ዓርብ ቀትርስ? በመጨረሻ ስንት ተሸጠ? እሱን ይዘሽ ተመለሽ።

ቁም ነገር ስለ ትኬት ያለው እውነት ነው፣ ነገር ግን ተገልብጧል። አየር መንገድ ቀድሞ ለሚገዛ የሚያረክሰው ሁሉንም ወንበር አይደለም፤ የተቆጠሩ ወንበሮችን ነው። በመጨረሻ ሰዓት ማርከስም ልማዱ አይደለም፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣው መሄድ ያለበት ሰው ነውና።

ከሜሪላንድ

እኔ እዚህ አሜሪካ በአንድ ሆቴል የሌሊት ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። የእኛ ዋጋ በቀን ብዙ ጊዜ ይቀየራል፤ ማታ 10 ሰዓት ላይ... ይቅርታ፣ በእናንተ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚመጣ እንግዳ ከጎረቤቱ ክፍል በ60 ዶላር ርካሽ ሊያገኝ ይችላል። ጠዋት ቁርስ ላይ ሲገናኙ ጠቡ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። በመጨረሻ ሰዓት በ500 ብር ሽጪ የሚለውን እንዳትሰሚ። አንድ ጊዜ ያገኘ ሰው ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ልጅ ሆኜ የማውቀው የሐዋሳ እንግዳ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ነው፤ ወሬው በአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ይደርሳል።

የላሊበላ እንግዳ ተቀባይ

የእኛ ነገር ከእናንተ የተለየ ነው፤ ግን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የገና እንግዳ ቀድሞ የሚይዘው በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከወራት በፊት። ችግሩ ድርጅቶቹ «ይሆነናል» ብለው ብዙ ክፍል ይዘው ይቆያሉ፣ መጨረሻ ላይ ግማሹን ይመልሳሉ። ስለዚህ በውሉ ላይ የመልቀቂያ ቀን እንጽፋለን፤ ከበዓሉ 30 ቀን በፊት የእንግዶቹን ስም ዝርዝርና ግማሹን ክፍያ ያላመጣ ድርጅት የያዘው ክፍል ያለ ጥያቄ ለእኛ ይመለሳል። ሐዋሳ ላይ 30 ቀን ይበዛ ይሆናል። ግን ያለ መልቀቂያ ቀንና ያለ ቀብድ 14 ክፍል መያዝ፣ እኅቴ፣ ያ ሽያጭ አይደለም፤ ተስፋ ነው።

ሐይቅ ዳር

ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ግን አወጣሁት። ንግሥ የሌለባቸው ዐሥር ቅዳሜዎች ናቸው። በአማካይ ማክሰኞ ማታ 6 ክፍል፣ ሐሙስ ማታ 10፣ ዓርብ ቀትር 14 ይያዛል፤ መጨረሻ ላይ 19 አካባቢ ይሆናል። ከሐሙስ ማታ በኋላ የመጡት ብቻ ሲቆጠሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ እንዲህ ናቸው፦ 4፣ 6፣ 7፣ 7፣ 8፣ 9፣ 9፣ 10፣ 12፣ 14።

የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ከሁለት ሳምንት ቀድሞ የያዘ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከማኅበርና ከሠርገኛ በስተቀር።

የድሮ ሪዘርቬሽን

እጅሽ ይባረክ። አሁን ቁጥር ይዘን እንነጋገር።

ቀድሞ ለሚይዝ ቡድን 1,800፣ ዘግይቶ ለሚመጣ መንገደኛ 3,000 ብለሽ ትሸጫለሽ እንበል። አንድ ክፍል በእጅሽ አለ፤ ማኅበሩ ዛሬ 1,800 ይሰጥሻል። ብትጠብቂ 3,000 ታገኚ ይሆናል፣ ወይም ባዶ ያድራል። 1,800 የ3,000 ስልሳ በመቶ ነው። ስለዚህ ክፍሉ በመጨረሻዎቹ ቀናት የመሸጥ ዕድሉ ከዐሥር ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጠብቂ፤ ካነሰ ለማኅበሩ ስጪው። ይህን ሐሳብ በ1972 እ.ኤ.አ. የጻፈው ኬን ሊትልውድ የሚባል የእንግሊዙ አየር መንገድ የቢኦኤሲ ባልደረባ ነው፤ ሆቴሎችም ከዚያ ነው የወሰዱት። ኮምፒውተር አይፈልግም።

ወደ ቁጥርሽ እንመለስ። ከዐሥሩ ቅዳሜዎች ዘግይተው የመጡት 8 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት በስንቱ ነው? 8፣ 9፣ 9፣ 10፣ 12፣ 14፤ በስድስቱ። 9 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑትስ? በአምስቱ ብቻ። ስለዚህ ስምንተኛው ክፍል መጠበቅ ይገባዋል፣ ዘጠነኛው አይገባውም። በተራ ቅዳሜ 8 ክፍል ለዘግይቶ መጪ ትተሽ 16ቱን በቅናሽም ቢሆን መልቀቅ ትችያለሽ ማለት ነው። 14 ክፍል ለማኅበር መስጠትሽ በተራ ቅዳሜ ስሕተት አልነበረም። በገብርኤል ዋዜማ ግን ዘግይቶ የሚመጣው ከ8 እጅግ ይበልጣል፤ ያን ሌሊት በቅናሽ መልቀቅ የነበረብሽ አራት አምስት ክፍል ቢሆን ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። መጀመሪያ፣ ቤቱ የሞላባቸው ቅዳሜዎች ቁጥር ውሸታም ነው። 12 ሸጠሽ ቤቱ ከሞላ፣ ፈላጊው 12 ነበረ ማለት አይደለም፤ 20 ሊሆን ይችላል። ከእንግዲህ «አልጋ የለም» ብለሽ የመለስሽውን ስልክ ሁሉ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ጭረት አድርጊበት። ሁለተኛ፣ እስከ ዛሬ የመዘገብሽው ፈላጊ በ2,200 የመጣ ነው፤ በ3,000 ያው ቁጥር ይመጣል ብለሽ አትመኚ። ስለዚህ መጀመሪያ በ2,600 ሞክሪው።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የማኅበሩ 1,800 ቫትና አገልግሎት የሌለበት ነበር፤ እነሱን ለብቻ ነው ያስከፈልሁት። 3,000 እከፍላለሁ ያለኝ ሰው ግን ሁሉንም ይዞ ነው። ይህ ሒሳቡን አያዛባም?

የድሮ ሪዘርቬሽን

ያዛባል፤ ጎበዝ! እኔም ሳልጠይቅሽ ማለፌ ጥፋት ነው። 3,000 ውስጥ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት አለ። ለ1.265 ስታካፍይው ለቤቱ የሚቀረው 2,371 ብር አካባቢ ነው። 1,800 የዚህ 76 በመቶ ይሆናል። ቅናሽ ብለሽ የሰጠሽው 1,800ም ቫትና አገልግሎት ሲጨመርበት 2,277 ብር ነው፤ ከተራው 2,200 ይበልጣል እንጂ አያንስም። አሁን ከዐሥር ወደ ስምንት የሚጠጋ ዕድል ትፈልጊያለሽ፤ 7 ወይም ከዚያ በላይ የመጡት በስምንት ቅዳሜዎች ነው። ስለዚህ የምትጠብቂው 7 ክፍል ነው፣ 8 አይደለም። ልዩነቱ አንድ ክፍል ነው። ዋጋን ከዋጋ ስታወዳድሪ ግን ሁሌም አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር አድርጊ።

መንገደኛዋ

ይህን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ፤ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ለገብርኤል ከናዝሬት የምሄድ ሰው ነኝ። ስለት አለብኝ። በተራ ቀን 2,200 የሆነ አልጋ በንግሥ ቀን 3,000 ሲባል ሒሳብ አትበሉኝ፣ እኛ ሌላ ስም አለን። አምና አንድ ቤት ሪሴፕሽኑ ላይ ቆሜ ዋጋው ሁለት ጊዜ ተቀየረብኝ። የሄድሁት ለበረከት ነበር፤ ተቀይሜ ተመለስሁ።

ሐይቅ ዳር

እናቴ፣ አባቴም የሚለው ይህንኑ ነው። መልስ የለኝም።

ከሜሪላንድ

እኔ መልስ የማውቀው ለግማሹ ነው። ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ ዋጋ መቀየር ነውር ነው፤ አሜሪካም ቢሆን ነውር ነው። የዓመቱን ዋጋ በሦስት ደረጃ ከፍለሽ በወረቀት አትመሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ ተራ ቀን፣ የሳምንት መጨረሻ፣ የበዓል ዋዜማ። የትኛው ቀን ከየትኛው ደረጃ እንደሚጀምር ከአሁኑ ይታወቅ። ከዚያ የሚለዋወጠው ዋጋው ሳይሆን በየደረጃው የሚለቀቀው የክፍል ብዛት ይሆናል። ቀድሞ የደወለ ሰው ለዚያ ቀን ከተከፈቱት ዝቅተኛውን ያገኛል፣ ያ ሲያልቅ ቀጣዩን። ንግሥ ላይ መጨመር ይገባል አይገባም የሚለውን ግን ለእናንተ ልተወው።

ባለ አዳራሹ

እኔ አዳማ ላይ ሆቴልና የስብሰባ አዳራሽ አለኝ። ስለ ቅዳሜ ብቻ ታወራላችሁ፤ የእኅታችን ቀዳዳ ሰኞ ነው። ሰኞን የሚሞላው ሥልጠና ነው፣ ሌላ የለም። የሥልጠና ወቅት ደግሞ በዝናብና በፀሐይ አይለካም፤ በበጀት ነው የሚለካው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ መሥሪያ ቤቶች ያልተጠቀሙበትን ገንዘብ ይዘው አዳራሽ ፍለጋ ይሯሯጣሉ፤ ሐምሌ ሲገባ ጸጥ ይላል። በሰኔ ለሥልጠና የምትቀንሺ ከሆነ በነጻ እየሰጠሽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ትምህርት ስለ ተዘጋ ቤተሰብ ይመጣል፤ እሱ የሚፈልገው ሁለት አልጋ ያለው ክፍል እንጂ ቅናሽ አይደለም።

አንድ ሒሳብ ላሳይሽ። 15 ክፍል ለሦስት ሌሊት፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ፣ በ1,500 የሚፈልግ ድርጅት መጣ እንበል። 67,500 ብር ነው፤ ያጓጓል። አንቺ ግን የሚቀርልሽ 9 ክፍል ነው። ረቡዕ 9 ትሸጫለሽ፣ ይበቃሻል። ሐሙስ 12 ትሸጪ ነበር፣ ሦስት ትመልሻለሽ። ዓርብ 20 ትሸጪ ነበር፣ ዐሥራ አንድ ትመልሻለሽ። የመለስሻቸው 14 ክፍሎች በ2,200 ሲባዙ 30,800 ብር ነው። ያ ሥልጠና ያመጣልሽ 67,500 ሳይሆን 36,700 ነው። አሁን ድርጅቱን «ሰኞ ማታ ግቡና ሐሙስ ውጡ፣ በ1,350 እሰጣችኋለሁ» በዪው። 60,750 ብር ይሆናል፣ ማንንም አትመልሽም። ቀንሰሽ ጨመርሽ ማለት ነው።

ቁም ነገር

ይኸው! እኔም ከእሑድ እስከ ረቡዕ ቀንሺ ብዬ ነበር።

ባለ አዳራሹ

አንተ ለሁሉም ቀንሺ አልህ። እኔ የምለው ቀኑን ሊያዛውር ለሚችል ብቻ ነው። ለሥራ ለመጣው ሰው ሰኞ 2,200 ይቆይ፤ እሱ በአበሉ ነው የሚከፍለው፣ አበሉ ካልበቃው ደግሞ ቀድሞውኑ ፔንሲዮን ነው የሚያድረው።

የድሮ ሪዘርቬሽን

የባለ አዳራሹ ሒሳብ ጥሩ ነው፤ አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሥልጠናው ሁልጊዜ የሚዛወር አይደለም። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነና ዓርብ ሐዋሳ አድሮ ቅዳሜን ሐይቅ ዳር ማሳለፍ ከፈለገ፣ ቀኑን የመረጠው እሱ ነው። በ1,350 አይደለም በ1,000ም አይዛወርልሽም። የአዳራሽ፣ የሻይና የምሳ ገቢንም ሳትደምሪ ሥልጠና አትመልሽ።

ሌላው ስለ ቀን መቁጠሪያ ነው። የአምናውን ዋጋ ቀን በቀን መገልበጥ ትልቅ ወጥመድ ነው። ታኅሣሥ 19 በ2017 ቅዳሜ ዋለ፣ በ2018 እሑድ፤ በ2019 ሰኞ ይውላል። ይህ ማለት ለአንቺ ምን እንደ ሆነ አየሽ? ዋዜማው እሑድ ማታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ባዶ የምትሆኚበት እሑድ ማታ፣ በዚያ ሳምንት ከቅዳሜ ይበልጣል። በልማድሽ እሑድን በተራ ቀን ዋጋ ለጥፈሽ እንዳትገኚ። ያን ጊዜ ቅዳሜንና እሑድን አብሮ ለሚይዝ ቅድሚያ ስጪ፤ እሑድ ብቻ የሚፈልገውን እስከ ሐሙስ አቆይው። በ2020 ደግሞ ከጳጉሜን 6 በኋላ ስለሚመጣ ታኅሣሥ 19 በፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 29 ይሆናል እንጂ 28 አይሆንም። በኦንላይን ማስያዣ ላይ ዋጋ የምታስገቢው በፈረንጁ ስለ ሆነ በአንድ ቀን ተሳስተሽ የዋዜማውን ዋጋ ከዋዜማው በፊት ባለው ሌሊት ልታደርጊው ትችያለሽ። እኔ አድርጌዋለሁ፤ አለቃዬ ለወራት አልረሱልኝም።

የላሊበላ እንግዳ ተቀባይ

ፍቼ ጫምባላላስ? የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀኑ ቀድሞ አይታወቅም አይደል? ሽማግሌዎቹ ኮከብ ቆጥረው ነው የሚያውጁት።

ሐይቅ ዳር

ልክ ነው፤ አያንቶዎቹ ናቸው ቀኑን የሚያውጁት። ለእሱ እስካሁን ያደረግሁት ነገር የለም። ቀኑ እስኪታወጅ ድረስ ቅናሽ የሚባለውን በዚያ ሰሞን ከመዝጋት በቀር ምንም አልታየኝም። ሐሳብ ያለው ካለ እሰማለሁ።

ሐይቅ ዳር

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሦስት ደረጃ ዋጋ ለጠፍን፤ 1,900፣ 2,200፣ 2,600፣ ሁሉም ከነቫቱ። ከአራት ክፍል በላይ ለሚይዝ ግማሽ ቀብድ፣ መልቀቂያው ሰባት ቀን ሲቀር። አንድ የጉዞ ማኅበር ቀብድ ሲባል ሄደ፤ ሌላው ከፈለ፣ የያዘውን ሁሉ ተጠቀመበት።

ለቅዳሜ፣ ማክሰኞ ማታ ከ6 ክፍል በላይ ተይዞ ካየሁ 1,900ን እዘጋለሁ። በአራቱ ሳምንት ሠራ። በአንዱ ግን ማክሰኞ 10 ተይዞ ነበር፣ ቶሎ ዘጋሁ፣ ከዚያ ዝናብ ጣለና ዓርብ ማንም አልደወለም፤ 13 ክፍል ብቻ ሸጥሁ። ከዐሥሩ ስምንቱን ቀድመው የያዙት ሠርገኞች እንደ ነበሩ ያየሁት በኋላ ነው። እነሱን ለብቻ መቁጠር ነበረብኝ መሰለኝ።

ሰኞ አሁንም ሰባት ነው። ሐምሌ ላይ ስለ ሆንን ይሁን ወይም ሌላ ነገር ይሁን አላወቅሁም።

ባለ አዳራሹ

ነሐሴ ነው አሁን፣ ሐምሌ አይደለም። እስከ ጥቅምት ጠብቂ።

ሐይቅ ዳር

እሺ፣ ጥቅምት ላይ ቁጥሩን ይዤ እመለሳለሁ። የታኅሣሥ 18ን እሑድ ማታ ግን በ2,600 ለጥፌዋለሁ፤ አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንሥቶታል፣ እኔም ሁለት ጊዜ መልሼ ለጥፌዋለሁ።